ለአብዱ ሻንጣ

ይመር ወንድሜ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መምጣት አቃተው ብለህ እንዳማኸኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ። ስለዚያ ገንዘብ አፈርኩ፤ ሳፍር ቀኑ ረዘመ፤ ቀኑ ሲረዝም ይባስ አፈርኩ። ግማሹን ይዣለሁ፣ ቀሪውን... እሱን ስንገናኝ። አሁን የምጽፍልህ ስለ አብዱ ነው።

እህትህ ማክሰኞ ሱቄ ብቅ ብላ ልጁ በመጋቢት ለበግ ጥበቃ ሳዑዲ፣ ሐኢል ሊሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጂንስና የኳስ ማሊያ ከቷል አለች። አንተም «የደሴን ብርድ የቻለ የአረብ አገር ምን ያደርገዋል» ብለሃል አሉ። እኔም እንዲሁ እየፎከርኩ ነበር የሄድኩት።

የመጀመሪያ ሳምንቴን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ማሊያዬ በላብ ርሶ ገላዬ ላይ ተለጥፎ ዋለ። ፀሐይ እንደጠለቀች ያ ላብ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ። እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ አሸዋው ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚይዝለት ነገር የለም። ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ እረኛ እንደ ሕፃን ልብሴን አውልቀው የራሳቸውን ደረቅ ጀለቢያ አለበሱኝ። አለቀስኩ፣ ይመር። አትሳቅ።

ለአብዱ አንድ ነገር ብቻ ብትነግረው ይህን ንገረው፦ መግሪብ ሳይደርስ ላብ የነካውን ሁሉ አውልቆ ደረቅ ይልበስ። እስኪበርደው ከጠበቀ ዘግይቷል። ጥር ላይማ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያኔ እዚያው ፈርዋ ይግዛ፤ ውስጡ ፀጉር ያለው ረጅም ካፖርት ነው፣ እረኞች ሁሉ ይለብሱታል። እስከዚያ ግን የእናቱን ጋቢ ይያዝ። ጋቢ ሙቀት ይይዛል፣ ነፋስ ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይደርብ።

ጂንሱን አስወጣው። ጠባብ ልብስ አየር አያንሸራሽርም፤ ስፌቱ ውስጥ አሸዋ ሲገባ ደግሞ ብብትና ጭን ይልጣል። ሁለት የጥጥ ሸሚዝ እኔ እሰፋለታለሁ። ከቁጥሩ በሁለት የሚበልጥ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስና በቁልፍ የሚዘጋ አደርገዋለሁ። የደረት ኪስ አላወጣለትም፣ አሸዋ ከማጠራቀም ሌላ ጥቅም የለውም። ልጁ «ድንኳን መሰልኩ» ይላል፤ ይበል።

ቀሪው ሽማግ፣ ራስና ፊት የሚጠቀለልበት ጨርቅ ነው። የሚያብረቀርቀውን እንዳትገዛለት፣ ስለሚንሸራተት አይታሰርም። ጥጥ ይሁን፣ ጎኑም ከአንድ ሜትር ይብለጥ። ከጥግ ወደ ጥግ አጥፎ ሦስት ማዕዘን ያድርገው። የታጠፈው ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ ይረፍ፤ ግን መሃል ላይ አይደለም፣ በግራ በኩል አንድ ክንድ ያህል ብቻ ይቅር፣ በቀኝ ረዘም ይበል። አጭሩን በአገጩ ሥር አሳልፎ ወደ ኋላ ይያዘው። ረጅሙን አፍንጫው ላይ አሳልፎ፣ ጭንቅላቱን ዞሮ ከኋላ ከአጭሩ ጋር ይቋጥረው። ከዚያ አቀርቅሮ ራሱን ይነቅንቅ፤ ከአፍንጫው ከወረደ ላልቷል። ነፋሱ ተነስቶ ፊቱን ከመታው በኋላ ማሰር ደግሞ ከንቱ ነው፣ አሸዋውን አብሮ ይጠቀልለዋል። አድማሱ ቡናማ ሲሆን ነው መቋጠር።

ጨርቁ አሸዋውን ይመልሳል እንጂ እንደ ዱቄት የላመውን አቧራ አያስቀርም። ልጅ ሆኖ ደረቱን ያመው እንደነበር አልረሳሁም፣ ሌሊት ተሸክመነው የሮጥነውንም። ስለዚህ ከሽማጉ ሥር የአፍ መሸፈኛ ያድርግ። ዓይኑንም ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር ይከልልለት። አሸዋ ከገባበት በውሃ ያጥበው እንጂ እንዳያሸው፣ ማሸት ዓይን ይቧጭራል።

ልጁን ቅዳሜ ላክልኝ፣ ትከሻውን ልለካው። ወይም... አንተም አብረኸው ብትመጣ። ሱቁ እዚያው ነው። እስክትመጣ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቆጥረህ እንዳታሳፍረኝ።

ወንድምህ እንድሪስ
ከኮምቦልቻ