ከመፈረምሽ በፊት

ልጄ፣

መልእክትሽን ማታ ደጋግሜ አነበብኩት። የጥራት ክፍል ሥራ አስኪያጅ ሁኚ መባልሽ አኩርቶኛል፤ እናትሽማ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ቢሆንም ቶሎ እሺ እንዳትዪ፤ እኔ ያለፍኩበት መንገድ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ቡና ስቀምስ ቆይቼ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያ ስብሰባው፣ ወረቀቱ፣ የኮንቴይነሩ ቀጠሮ ጠዋቴን በላውና ከቅምሻ ጠረጴዛው ራቅሁ። በሁለተኛው ዓመት አንድ የታጠበ የይርጋጨፌ ናሙና ላይ ወጣቷ ቀማሻችን «ከአምስቱ አንዱ ኩባያ ኮምጥጧል» አለችኝ። አምስቱን ለየብቻ መዝነን ለየብቻ የምንፈጨው ለዚህ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አብሮ ከተፈጨ የአንዲት የተበላሸች ፍሬ ጣዕም በሁሉም ተበትኖ ይደበዝዛል፣ ለብቻ ሲሆን ግን አንዱ ኩባያ ላይ ትያዛለች። ሄጄ ቀመስኩ። ገና ትኩስ ነበር፣ የሚጠብቀኝም ስብሰባ ነበረ። የሎሚ ዓይነት ደስ የሚል ኮምጣጣነት መሰለኝ። እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ኩባያው ለብ ሲል ነው ጎልቶ የሚወጣው። «ንጹህ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ቡናው ተጫነ፣ ገዢው ያንኑ የኮመጠጠ ጣዕም አገኘና ዋጋ አስቀነሰ። ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ ግን ልጅቷ ናት። ከዚያ ወዲህ ጉድለት ከመጻፏ በፊት ቀና ብላ ፊቴን ታይ ጀመር።

ወንበሩ የሰጠኝም ነገር አለ፤ እሱን ብደብቅሽ አዳላለሁ። ናሙናው ተቆልቶ እንደወጣ ይቀመስ ነበር። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ይረፍ ብዬ ቀማሽ ሳለሁ ሦስት ዓመት ለመንኩ፣ የሰማኝ አልነበረም። ኃላፊ በሆንኩ በሳምንቱ ማታ እየተቆላ ጠዋት እንዲቀመስ አደረግሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ከሌሎቹ ቀማሾች ጋር ጠረጴዛው ላይ እንድትቆሚ፣ ነጥብሽንም ከነሱ ነጥብ ጋር እንድታስተያዪ። ምላስ ካልተስተካከለ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ ባለቤቱ ደግሞ አይሰማውም፣ እኔም አልተሰማኝም። ሁለተኛ፣ የመጫኛ ቀን ደርሶ ቡናው ጉድለት ቢገኝበት «አይጫንም» የሚለው የመጨረሻ ቃል የማን ነው? የሽያጭ ክፍሉ ከሆነ አንቺ የምትፈርሚው በሰው ውሳኔ ላይ ነው።

ሁለቱን ከሰጡሽ ግቢበት። አንዱን እንኳ ከከለከሉሽ ቅሪ፤ በዋና ቀማሽነት ደመወዝሽ እንዲሻሻል ጠይቂ፤ ያንቺን ምላስ በቀላሉ እንደማይተኩት እነሱም ያውቃሉ። የኔ ሐሳብ ይኸው ነው፣ ውሳኔው ግን ያንቺ ነው።

እሁድ ስትመጪ የጻፉልሽን ወረቀት ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን እናንብበው። እናትሽ ዶሮ እሠራለሁ ብላለች።

አባትሽ