የቅዳሜውን የወንዝ ጉዞ ለምን እንደሰረዝን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ የራፍቲንግ ጉዟችሁን ወንዙ ዳር ከደረሳችሁ በኋላ መሰረዛችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ከሌሊት ተነስታችሁ መጥታችሁ እንዲያው በመመለሳችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔያችን ግን ዛሬም ያው ነው።

በጣም ያመመኝ "ሌሎቹ በዚያው ቀን ወርደው በሰላም ወጥተዋል፤ እናንተ ፈርታችሁ ነው" የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ወርደዋል። በሰላም በመውጣታቸውም ደስ ብሎኛል። ግን ያን ቀን ከጀልባቸው የወደቀ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ የማስበው ስለሚወድቀው ሰው ነው።

የወንዝ አስቸጋሪነት በዓለም አቀፍ መለኪያ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። እናንተ የተመዘገባችሁበት ክፍል ውሃው በተለመደው ልኩ ላይ ሲሆን ደረጃ 3 ነው። ጥሩ መሪ ካለ ለጀማሪ ይሆናል። ሞገዱ ያንገላታል፣ ያስጮኻል፤ የወደቀ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሳይቸገር ይወጣል። ደረጃ 4 ላይ ራስን ማውጣት ይከብዳል፣ የመጎዳት ዕድሉም ይጨምራል። ይህ ቁጥር ደግሞ ከዝናብ ጋር ይቀየራል።

ቅዳሜ ጠዋት መነሻችን ላይ ድንጋዩ ላይ የቀባነው ቀይ መስመር በውሃ ተሸፍኖ ነበር። ያ መስመር ሲሸፈን ጀማሪ አንወስድም። ምክንያቱ ይሄ ነው። በደህናው ቀን ከመጀመሪያው የሚናወጥ ውሃ በኋላ ጸጥ ያለ ቦታ አለ። የወደቀ ሰው እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ገመድ ይጣልለታል፣ ይሳባል። ውሃው ሲሞላ ያ ማረፊያ ይጠፋል፤ ሦስቱ የሚናወጡ ቦታዎች ተያይዘው አንድ ረጅም መንገድ ይሆናሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ሰውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዳር ላይ የነበሩት ቁጥቋጦዎችም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ተይዞ ይቀራል። ከመካከላችሁ ዋና የማይችሉ ነበሩ፤ አብዛኞቻችሁም የመጀመሪያችሁ ነበር። እኔ ይህን እያየሁ "ግቡ" ማለት አልችልም።

አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ይሄ ከፓራግላይዲንግ ይብሳል እንዴ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ለጀማሪ የሚሆነውን ስትመርጡ በከፍታው ወይም በሚያስጮኸው አትለኩት። ነገር ሲበላሽ ከእናንተ ምን ይጠበቃል? ከአብራሪ ጋር ታስራችሁ ስትበሩ ሥራችሁ ጥቂት እርምጃ ሮጦ መቀመጥ ነው፤ የቀረው በአብራሪው ችሎታና በአየሩ ላይ ያረፈ ነው። ራፍቲንግ ግን እናንተንም ያሠራል። ትቀዝፋላችሁ። ከወደቃችሁም በጀርባችሁ ተንሳፍፋችሁ፣ እግራችሁን ወደ ፊት ከፍ አድርጋችሁ መሄድ አለባችሁ። በፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ክልክል ነው፤ እግር በድንጋዮች መካከል ከተያዘ ውሃው ገፍቶ ፊትን ይደፋል። ይህን በድንጋጤ መሀል ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ከእኛም ሆነ ከሌላ ጋር ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። "ውሃው የት ሲደርስ ነው የምትሰርዙት? የሚወስነውስ ማን ነው?" በሉ። ልኩን ያወቀ ሰው ወዲያው ይመልሳል። "እዚያ ደርሰን እናያለን" ካላችሁ ልክ የለውም ማለት ነው። ከጀልባው ሌላ የወደቀ ሰው የሚያነሳ ካያክ መኖሩን፣ መሪው የውሃ ነፍስ አድን ሥልጠና መውሰዱንና ይህንኑ ወንዝ በዚህ ወቅት ማወቁን ጠይቁ። ላይፍ ጃኬቱን ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ላልቷል።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በተከራየሁት ጀልባ፣ ራሴ እየቀዘፍኩ ነው። ዛሬ የጀልባው፣ የጃኬቱ፣ የነዳጁ ዋጋ ሁሉ ጨምሯል። በየጉዞው በካያክ ለሚከተል ሁለተኛ ሰው እከፍላለሁ። እሱን ብቀንስ ዋጋችሁን መቀነስ እችል ነበር፤ አልቀነስኩም። ቅዳሜም የሠራተኞቹን አበል ከፍዬ ነው የተመለስኩት። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጉዞ መሰረዝ ለእኛ ትርፍ እንደሌለው እንድታውቁ ብዬ ነው።

የከፈላችሁት ገንዘብ እንዳለ ነው። ውሃው ከመስመሩ በታች ሲወርድ በመጀመሪያው ጉዞ ቦታ ይያዝላችኋል። ገንዘቡ ይመለስልን ካላችሁም ሙሉውን እንመልሳለን። ለዓመታት አብራችሁን የሄዳችሁት ግን እባካችሁ ቶሎ አትራቁን። ቀኑ ሲታወቅ እኔው ራሴ እደውልላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት