«በነፃ» የገባልኝ መስመርና ሳይነገረኝ ያለቀው ቅናሽ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስ ከተማ አነስተኛ የኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አለኝ። ባለፈው ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ጋር ተዋውዬ መስመር አስገባሁ። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ተጽፎ የነበረው «ለ6 ወር 800 ብር ብቻ፣ መስመር ማስገቢያ በነፃ» የሚል ነበር። መደበኛው ዋጋ 1,200 ብር መሆኑም ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጠቅሶ ስለነበር፣ ቅናሹ አንድ ቀን እንደሚያበቃ አላውቅም ነበር ብዬ አልከራከርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መቼና እንዴት እንዳበቃ ለማስረዳት ነው።

በየወሩ በስልኬ የሚደርሰኝ መልእክት ጠቅላላ ድምሩንና የመክፈያውን ቀን ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ ድምሩ 1,092 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። 800 ብር ተብሎ ይህን ያህል መምጣቱን ታክስ ነው ብዬ በልቤ አሳልፌው ኖሬአለሁ፤ ሆኖም የ800 ብር ታክስ 120 ብር ብቻ እንደሚሆን ለማስላት አንዲት ደቂቃ ትበቃኝ ነበር፤ ስንፍናው የራሴ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን ግን 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም ክፈል የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ወደ ቢሮው ሄጄ ዝርዝር ቢል እንዲታተምልኝ ጠየቅሁ።

ዝርዝሩ ላይ ከወርኃዊው ሂሳብ ሥር ሁለት መስመሮች አገኘሁ። አንደኛው «ሲፒኢ» የሚል ምህጻረ ቃል ያለው 100 ብር ሲሆን፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችው ኢንተርኔት መቀበያ ነጭ ሣጥን የወር ኪራይ መሆኑ ተነገረኝ። ሁለተኛው ደግሞ 50 ብር የማስገቢያ ክፍያ ነው። «በነፃ ተብሎ አልነበረም እንዴ?» ብላት፣ በመስኮቱ ያለችው ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ በነፃ ማለት ቅድሚያ አይከፈልም ማለት ነው እንጂ፣ 600 ብሩ በ12 ወር ተከፋፍሎ ይቆረጣል» አለችኝ። «ነፃ» የሚለው ቃል በዱቤ ማለት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ከእርሷ ተማርኩ።

የማስገቢያው ክፍያ እንኳ በዓመቱ ያልቃል። የሣጥኗ ኪራይ ግን ማብቂያ የለውም፤ በሁለት ዓመት ከታክሱ ጋር 2,760 ብር ይደርሳል። የራሴን ልግዛ ስላት፣ በፋይበር መስመር ላይ የሚሠራው ዕቃ መለያ ቁጥሩ በድርጅቱ ሥርዓት ውስጥ ካልተመዘገበ መስመሩ እንደማይከፈትለት ነገረችኝ። ስለዚህ ተከራይ ሆኖ መኖር ግድ ነው ማለት ነው። በበኩሌ የሣጥኗን መለያ ቁጥር በፎቶ አንሥቼ አስቀምጫለሁ፤ ውል ባቋረጥሁ ቀን ከነቻርጀሯ አስረክቤ ደረሰኝ ካልተቀበልሁ ኪራዩ መቁጠሩን ሊቀጥል ይችላልና።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የ6 ወሩ አቆጣጠር ነው። እኔ ከጥቅምት 14 ጀምሬ ስቆጥር ቅናሹ የሚያበቃው ሚያዝያ 13 ነው። የድርጅቱ ሂሳብ ግን የሚዘጋው በአውሮፓውያን ወር ሲሆን፣ መስመሬ የገባው በእነርሱ ኦክቶበር 24 ስለነበር የቀሩት 8 ቀናት እንደ አንድ ሙሉ ወር ተቆጠሩ። በዚህም ስድስተኛው ወር ማርች 31፣ ማለትም መጋቢት 22 ላይ አበቃ፤ ከማግስቱ ጀምሮ ሥርዓቱ ዋጋውን በራሱ ወደ 1,200 ብር አሳደገው። ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 13 ያለው 21 ቀን ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት የዋጋው ልዩነት 280 ብር፣ ከ15 በመቶው ታክስ ጋር 322 ብር ይሆናል። የፈረምሁት ውል ቀኑን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «የሂሳብ ወር» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ድርጅቱ ሂሳብ ሳልከፍል ሁለት ቀን ባሳልፍ ሦስት መልእክት ይልክልኛል፤ ቅናሹ ሊያበቃ ሲል ግን አንድም አልላከም። የማበቂያው ቀን በውሉ ላይ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በመልእክት ቢነገረንና ወርኃዊው መልእክት ኪራዩንና ማስገቢያውን ለይቶ ቢያሳየን፣ እኔም ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር።

322 ብሩ እንዲመለስልኝ ሚያዝያ 27 ቀን በጽሑፍ አመልክቼ፣ በግልባጩ ላይ የ«ደርሷል» ማኅተም አስመትቻለሁ። ከድርጅቱ መልስ ካላገኘሁ ግልባጩን ከዝርዝር ቢሉና ከውሉ ጋር አያይዤ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለመላክ አዘጋጅቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ደብረ ማርቆስ