የልጅሽ ሰርግ ጥሪ ቢሮዬ ድረስ መጣ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውዴ፣

ሁለት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ስመጣ ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ከዚያ ዘገየሁ፤ ከዚያ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። እናትሽ ባይመጡ ኖሮ አሁንም አልጽፍልሽም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ልጅቷ ወረቀት ልካልኛለች፣ አንብቢልኝ» አሉኝ። ቴሌግራም ላይ ሦስት ፎቶ አለ። የመጀመሪያውን ስከፍት የልጅሽን ስም አየሁ። ያቺ ፀጉሯን ስሠራት የምታለቅሰው ልጅ! እልልታዬን ሰምተው ከታችኛው ፎቅ ሰው ወጣ።

«ለምን እናቷ ጋ አይደውሉም?» አልኳቸው። «እሷማ ‹ዋናው መምጣትሽ ነው› ብላ ትዘጋዋለች። እኔ ቃሉን ነው የምፈልገው» አሉ። ያውቁሻል።

ለካ ጎረቤት ያለ ተማሪ ቀድሞ አንብቦላቸዋል። ጥቁር ይለበሳል፣ ፕሮግራሙ 4 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ 6 ሰዓት ላይ ምሳ ነው ብሏቸዋል። የልጁ እንግሊዝኛ አይታማም። ቃሉን ቃል በቃል አንብቧል። ግን ከሦስቱ አንዱም ትክክል አይደለም።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ስንት የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ስተረጉም የኖርኩ ሰው፣ አንድ የሰርግ ካርድ ምን ያቅተኛል? ፎቶው ግን አስቸገረኝ። ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ወርቃማ ቅብ ነው፤ ልጅሽ በፍላሽ ስላነሳችው ግማሹ መስመር ነጭ ብርሃን ሆኗል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል። ሦስተኛው ካርድ ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር 5 ይሁን 6 አይለይም። በግምት አልጽፍም ብዬ ለልጅሽ በእናትሽ ስልክ ላክሁባት። «ፍላሽ አጥፊ፣ መስኮት አጠገብ ትንሽ አዘንብለሽ አንሺው፣ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው» አልኳት። ላከችው። 6 ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ዋናው ካርድ «ዘ ኦነር ኦፍ ዩር ፕረዘንስ» ይላል። እዚያ አሜሪካ ይህ አነጋገር በልማድ ጋብቻው ቤተ እምነት ውስጥ ሲሆን ነው የሚመረጠው። አዳራሽ ወይም ሆቴል ቢሆን «ዘ ፕሌዠር ኦፍ ዩር ካምፓኒ» ይባላል። ስለዚህ የቦታውን ስም ሳላነብ ገና ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ገምቼ ነበር። በአማርኛ «በመገኘትዎ ክብር እንዲሰጡን እንጠይቃለን» ቢባል ያስኬዳል፤ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይደርቃል። የኛ ካርድ «በአክብሮት ጠርተነዎታል» ነው የሚለው። እሱን ያዝኩ።

እጄ ሳላስበው «ሥርዓተ ተክሊል» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ቆም አልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ የሙሽራው ወገኖች ነው፣ የኛ አይደለም። ተክሊል ብዬ ብጽፍ እናትሽ ቅዳሴውንና ቁርባኑን ያስባሉ፤ ማን አስታረቃቸው፣ ንስሐ አባቷ ማን ነው ብለው ያድራሉ። «የጋብቻ ሥነ ሥርዓት» አልኩት። ስማቸውንና አድራሻውን ዘልዬ እንዲህ ወጣ፦

«እኛ ሙሽሮቹ ከሁለታችንም ቤተሰቦች ጋር በመሆን፣ ቅዳሜ ነሐሴ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በሚፈጸመው የጋብቻ ሥነ ሥርዓታችን ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተነዎታል።»

ሳነብላቸው እናትሽ ዝም አሉ። ከዚያ «የልጄ ስም የታለ?» አሉኝ። የለም። የኛ ካርድ በወላጅ ስም ነው የሚጀምረው፤ አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት ልጃችንን እንድራለን ነው። የልጅሽ ካርድ ግን ጠሪዎቹ ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንቺና አባቷ «ቤተሰቦች» በሚለው ቃል ውስጥ ናችሁ። እናትሽን ደስ ለማሰኘት ስምሽን ልጨምር አልኩና ተውኩት። ካርዱ ላይ የሌለ ነገር አልጽፍም። በቃል አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ፣ ልጁ የተሳሳተው እዚያ ነውና። ዋናው ካርድ ቁጥር አልተጠቀመም። ቀኑንም ዓመተ ምሕረቱንም ሰዓቱንም በፊደል ነው የጻፈው፤ «ሃፍ አፍተር ፎር» ይላል፣ አራት ተኩል ማለት ነው። ልጁም አራት ተኩል አለ። እዚህ አራት ተኩል ረፋድ ነው፣ ሰርግ የሚጀመርበት ሰዓት። ራት የሚለውን ስድስት ሰዓት ደግሞ ምሳ አደረገው፤ ስድስት ሰዓት ምሳ ነዋ! ስህተቱ ከኛ ልማድ ጋር ልክክ ስላለ ማንም አይጠረጥርም። ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጀምር ሰርግ ነው እናትሽን የሚገርማቸው።

ስለዚህ ሁሉንም ወደኛ ሰዓት መለስኩና፣ አጠገቡ ቀን ወይም ምሽት የሚለውን አንድም ቦታ አልተውኩም። ሥነ ሥርዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ከዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ «ኮክቴል አወር» የሚሉት አለ። ይህን «የእንግዳ መቀበያ ሰዓት፣ ቆመው መጠጥና ቁርሳቁርስ የሚቀርብበት» አልኩት። ካላብራራሁት እናትሽ ድግሱ ያ ብቻ መስሏቸው ያዝናሉ። ራት ከምሽቱ 12 ሰዓት። ሙሽሮቹ የሚሸኙት ከምሽቱ 5 ሰዓት።

አክስትሽ ደግሞ ከዚህ ሆነው በቀጥታ በስልክ ነው የሚያዩት። ለሳቸው ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። በነሐሴ ሜሪላንድ ከኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑም ገና ቅዳሜ ነው። የእናትሽና የአክስትሽ ወረቀት እንዳይቀያየር አናቱ ላይ «ለመንገደኛ» እና «ለቤት» ብዬ ጻፍኩበት።

መልስ መስጫዋ ካርድ ላይም ወጥመድ አለ። «እስከ 8/1 ያሳውቁን» ትላለች። አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፤ ኦገስት 1 ማለት ነው። በኛ ሐምሌ 25። እኛ ቀኑን ስለምናስቀድም እናትሽ መስከረም 8 ብለው አንብበውታል። ሰርጉ ካለፈ በኋላ! የመልስ ካርዷ ላይ ኤም የምትል አንዲት ፊደልና ባዶ መስመር አለች። ፎቶው ላይ የተቆረጠ ቃል ይመስላል። አይደለም፤ ሚስተር ወይም ሚስስ ብለሽ ስምሽን እንድትቀጥዪባት ነው። «ወ/ሮ» ብዬ ስማቸውን ሞላሁበት። ከሥሩ «2 ቦታ ተይዞልዎታል» ይላል። እሱን ሁለቴ ነው ያነበብኩላቸው። የኛ ጥሪ «ከነቤተሰብዎ» ነው፤ ቤተሰብ ማለት ደግሞ እስከ ጎረቤት ይሄዳል። እዚያ ወንበሩ በስም የተቆጠረ ነው። ሁለት ማለት ሁለት ነው። እሳቸውና ወንድምሽ።

ልብሱ ላይ ሳቅንም ተጨነቅንም። «ብላክ ታይ ኦፕሽናል» ይላል። ልጁ ጥቁር ከረባት፣ ጥቁር ልብስ ብሎ ተረጎመው። እናትሽ «ሰርግ ነው ለቅሶ የጠሩኝ?» ብለው ሌሊቱን አልተኙም። ነገሩ ስለ ጥቁር አይደለም፤ የልብሱ የክብር ደረጃ ነው። ሙሉው «ብላክ ታይ» ቢሆን ወንዶቹ ቶክሲዶና ቢራቢሮ የምትመስለዋን ከረባት ያደርጋሉ። «ኦፕሽናል» ስለተባለ ደህና ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሱፍ በከረባትም ይበቃል። ሴቶች ረጅም የክት ቀሚስ። ስለዚህ «የምሽት የክብር ልብስ፤ ለወንዶች ቶክሲዶ ወይም ሙሉ ሱፍ» ብዬ ጻፍኩ። ጥቁር የሚለው ቃል ጨርሶ አልገባም። ወንድምሽ ያቺን የሠርጉን ሱፍ ትንሽ ሰፋ ቢያስደርጋት ትሆነዋለች፣ ወፍሯል።

ካርዱ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን ማንም እዚያ የሚያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ነጭ የሙሽራ ነው። እንግዳ ነጭ ለብሶ ከመጣ ይታዘቡታል። እናትሽ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሄደው አዲስ ሐበሻ ቀሚስ አሰፍተዋል። ነጭ፣ በአረንጓዴ ጥበብ። አሳዩኝ። ምን ልበላቸው?

ሦስተኛው ካርድ ትንሽ አዳነኝ። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት «መልስ» አለ። ቃሉ በላቲን ፊደል የኛው ነው፤ ከሥሩ የባህል ልብስ ይበረታታል ይላል። መጀመሪያ የሙሽራው የአባት ስም መስሎኝ ነበር፣ ሳቂብኝ። ያ ቀን ጳጉሜ 1 ነው። ቀሚሱ የእሑድ ነው ብያቸዋለሁ። ለቅዳሜ ያንን ወይን ጠጅ ቀሚሳቸውን አስወጥተን ሰቅለነዋል፤ በጠባብ ጥለት ነጠላ።

ግን የሙሽራ አያት በሐበሻ ቀሚስ መምጣቷን እዚያ ያሉ የኛ ሰዎች እንደ ክብር እንደሚያዩት አውቃለሁ። የሙሽራው ቤተሰብ እንዴት እንደሚያየው አላውቅም። ይህን የምትወስን አንድ ሰው ናት፣ ሙሽሪት። ልጅሽን ጠይቂልኝ። «አያቴ ቅዳሜም ነጭ ትልበስ» ካለች ወይን ጠጁ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ እናትሽ በየቀኑ እየደወሉ ነው፣ ሻንጣቸውን ከአሁኑ ማሰር ጀምረዋል።

ደግሞ አትቆጪኝ።

ጓደኛሽ