ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዩ ስትሪት፦ የሜትሮ ካርታው ሲነበብ

ውድ አባላት፣

ይህ ጽሑፍ የዋሽንግተን ሜትሮን ካርታ ፎቶ አይታችሁ ግራ ለተጋባችሁ አዲስ መጪዎች ነው። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ዩ ስትሪት ትሄዳላችሁ እንበል።

መጀመሪያ ደለስን የሚነካውን መስመር ፈልጉ፤ ሲልቨር ነው። ፎቶ ላይ ግራጫ ስለሚመስል መስመሩ ጫፍ ላይ ያሉትን "ኤስ ቪ" ፊደላት እዩ። ባቡሩ ላይ የሚጻፈው የእናንተ ጣቢያ ሳይሆን የመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። "ላርጎ" ወይም "ኒው ካሮልተን" የሚለውን ያዙ። "አሽበርን" የሚለው ከከተማው ያርቃችኋል።

ከኢስት ፎልስ ቸርች ጀምሮ ብርቱካንማው፣ ከሮዝሊን ጀምሮ ደግሞ ሰማያዊው መስመር ከሲልቨር ጎን ይሳላል። አትደንግጡ፣ ሐዲዱ አንድ ነው፤ እዚያ መውረድ አያስፈልግም።

የምትቀይሩት ላንፋንት ፕላዛ ነው፤ መቀየሪያ ስለሆነ ክቡ ከሌሎቹ ይተልቃል። ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡና "ግሪንቤልት" የሚለውን አረንጓዴ ባቡር ያዙ። ዩ ስትሪት አምስተኛው ጣቢያ ነው። ስትቀይሩ ግን ከቲኬት በሩ አትውጡ፤ እንደገና ያስከፍላችኋል።

ካርታው ላይ ያለውን ርቀት አትመኑት። ከደለስ እስከ መሀል ከተማ ያለው መንገድ ከሚታየው በጣም ይረዝማል።