ለልጄ፦ 15 ዓመት እስኪሞላሽ አይጠበቅም

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ዓለም። ትናንት በስልክ ስታወሪኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «እማ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስትዪ በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ነገሩን ስትነግሪኝ ግን አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ እዛ ሆኜ እቅፍ ባደርግሽ ደስ ባለኝ። የወር አበባ ካየሽ ወራት አልፎሽ ለማንም ሳትናገሪ ብቻሽን መቆየትሽ ግን አንጀቴን በላው። በቮይስ ብልክልሽ አያትሽ ፊት ይከፈትና ታፍሪያለሽ ብዬ ነው በጽሁፍ ያደረኩት፣ ረጅም ነው ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው እሺ።

አያትሽ «ገና 12 ዓመቷ ነው 15 ሲሞላት ትጾማለች» ያለችው ክፋት ኖሯት አይደለም፣ ስላሳዘንሻት ነው። ለኔም ያኔ እንደዛው ነበር የተባልኩት። ግን 15 ዓመት የሚባለው የጉርምስና ምልክት ላልመጣለት ልጅ ነው እንጂ የሁሉም መጀመሪያ አይደለም። በኛ ዲን ጾምና ሶላት ግዴታ የሚሆኑት ባሊግ ስትሆኚ፣ ማለትም ለአካለ መጠን ስትደርሺ ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ የወር አበባ ያየች ቀን ባሊግ ናት፣ 11ም ትሁን 12። ወንድ ልጅ በእንቅልፉ ፈሳሽ ሲወጣው ነው። ምንም ምልክት ሳይታይ 15 ዓመት ከሞላ ግን ከዛ በኋላ አይጠበቅም፣ በቃ ባሊግ ነው። 15 ከየት መጣ ካልሽ ዓብደላህ ኢብኑ ዑመር ለኡሑድ ዘመቻ ሲቀርብ 14 ዓመቱ ነበር፣ ነቢዩ ﷺ መለሱት፣ ለኸንደቅ ሲቀርብ 15 ሆኖት ስለነበር ፈቀዱለት፣ ዑለማዎቹ ከዚህ ነው የያዙት። ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በኛ አቆጣጠር 14 ዓመት ከስድስት ወር ተኩል ገደማ ላይ ይሞላል፣ ይሄንን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

የጎረቤታችን ልጅ ጓደኛሽ ካንቺ ታንሳለች ግን ጾም ካንቺ ቀድማ ጀመረች ብለሽኝ ነበር። አዎ፣ ኦርቶዶክሶቹ ጋ ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ነው ጾም የሚጀምረው፣ ሰውነቱ አደገ አላደገ አይታይም፣ ፍልሰታ ሲሆን እንደውም ከ7 በታች ያሉትም ነጠላ ለብሰው ለቁርባን ሲሄዱ አይተሻል። አይሁዶቹም በዕድሜ ነው የሚሄዱት፣ ሴት 12 ወንድ 13። እኛ ጋም 7 ዓመት አለ፣ ግን የማለማመጃ ነው፣ ልጆቻችሁን በ7 ዓመታቸው ሶላት እዘዟቸው ተብለናል። የሰሓባ ሴቶችም ልጆቻቸውን ዓሹራን ሲያስጾሙ ምግብ ፈልጎ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሰራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያ ያቆዩት ነበር። አንቺም በ8 ዓመትሽ ግማሽ ቀን ስትጾሚ ቴምር ደብቀሽ ስትበዪ ማንም አልተቆጣሽም፣ ያ ሁሉ ልምምድ ነበር። አሁን ያለሽበት ሌላ ነው።

እስቲ የነገርሽኝን አብረን እንቁጠረው። መጀመሪያ ያየሽው ጥር 12 ነው፣ ጎረቤቶቻችን ቃና ዘገሊላን ሲያከብሩ ስለነበር ቀኑን እንዳልረሳሽው ነግረሽኛል፣ አምስት ቀን ቆየ። አምስት ቀን መቆየቱ ጥሩ ሆነልን፣ ምክንያቱም ሁለት ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝሀቦቹ ይለያዩ ነበር፣ ሻፊዒዮች አንድ ቀንና ሌሊት ከቆየ ሐይድ፣ ማለትም የወር አበባ ነው ይላሉ፣ ሐነፊዮች ግን ከሶስት ቀን ካነሰ አይቆጥሩትም፣ በኛ አገር ደግሞ ሁለቱም አሉ። አምስት ቀን ግን ማንም አይከራከርበትም። ስለዚህ ከጥር 12 ጀምሮ ባሊግ ነሽ፣ ረመዷን የካቲት ላይ ሲገባ ጾሙ አንቺንም ይመለከትሽ ነበር ማለት ነው።

ረመዷን ላይ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው በ8ኛው ቀን ደም መጣና ስድስት ቀን ቆየ፣ አንቺ ግን አያትሽ እንዳታውቅ ብለሽ ስድስቱንም ቀን ተርበሽ ዋልሽ። የኔ ማር ያ ጾም አይቆጠርም፣ በሐይድ ላይ ያለች ሴት መጾም አይፈቀድላትም፣ ከእንግዲህ እንዲህ ሲሆን ኩሽናም ገብተሽ ቢሆን ውሃም እህልም ቅመሽ፣ መራብሽ ምንዳ የለውም። ሁለተኛው አራት ቀን ፈተና ነበረሽና አያትሽ ቁርስ አብልታ ላከችሽ። ሳታውቂ ስለሆነ ወንጀሉ ካንቺ ላይ የለም ብዬ ነው የማምነው፣ ቀኖቹ ግን ዕዳ ናቸው። ስድስትና አራት 10 ቀን ቀዷ አለብሽ፣ መልሰሽ ትጾሚያቸዋለሽ ማለት ነው።

አስሩን ቀን በተከታታይ መጾም የለብሽም። ሰኞና ሐሙስ ብታደርጊው በአምስት ሳምንት ያልቃል፣ ደም ከመጣ አቋርጠሽ ስትጠሪ ትቀጥያለሽ። ኒያውን ግን ሌሊቱን ነው የምትነይቺው፣ እንደ ሱና ጾም ጠዋት ተነስተሽ «እስቲ ዛሬ ልጹም» አይሰራም። የዒድ ቀን አይጾምም። የሚቀጥለው ረመዷን የካቲት 2019 መጀመሪያ ገደማ ስለሚገባ ከዛ በፊት ይለቅ፣ ያለ ምክንያት ከዘገየ ሻፊዒዮች ጋ ከቀዷው ላይ ለየቀኑ ለድሃ እህል መስጠት ይጨመራል።

ሶላቱ ደግሞ ከጾሙ ይለያል፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ልጆች የሚምታታባቸው። በሐይድ ላይ ያለፈሽን ሶላት አትመልሺውም፣ ጾሙን ብቻ ነው የምትመልሺው፣ እናታችን ዓኢሻ ጾሙን እንድንከፍል ታዘዝን ሶላቱን እንድንከፍል ግን አልታዘዝንም ብላለች። አስቢው፣ በወር በወሩ የስድስት ቀን ሶላት 30 ሶላት ነው፣ ጾሙ ግን በዓመት አንዴ ነው። ንጹህ ሆነሽ ሳለ በእንቅልፍ ያለፈሽን ሱብሒ ግን ትሰግጂዋለሽ። ሌላው ደግሞ ሌሊት ደሙ ቆሞ ሳትታጠቢ ሱብሒ ቢገባብሽ ጾሙን አትተዪው፣ ከሱብሒ በፊት ከጠራሽና ከነየትሽ ጾምሽ ልክ ነው፣ ለሶላቱ ትታጠቢያለሽ። በተቃራኒው መግሪብ ሊል አምስት ደቂቃ ሲቀር ቢመጣብሽ ያ ቀን ሄደ፣ ትከፍዪዋለሽ፣ አውቃለሁ ያሳዝናል።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝብሽ እኔ ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። እኔ በ13 ዓመቴ አየሁ፣ አፍሬ ዝም አልኩ፣ 15 ሲሞላሽ ትጾሚያለሽ ስለተባልኩ ሁለት ረመዷን እንደፈለኩ ስበላ ስጾም አለፈ። አግብቼ አንቺን ከወለድኩ በኋላ ሴቶች ተሰብስበን ስንማር ነው ኡስታዟ ስለ ባሊግነት ስታስረዳ ቁጭ ባልኩበት ላብ በላብ የሆንኩት። ስንት ቀን እንደበላሁ የት አውቄው፣ ከማስታውሰው ላይ አብዝቼ ገምቼ ነው የቆጠርኩት፣ አንቺን እያጠባሁ ስለነበር ደግሞ ከፍዬ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ ግን 10 ቀን ብቻ ነው፣ ቀኑንም በልክ ታውቂዋለሽ።

አሁን ደብተር ላይ ወሩ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን ጻፊ፣ ሰዓቱንም ጭምር፣ መጀመሪያ ላይ ዝብርቅርቅ ስለሚል አንዳንዴ በሁለት ሳምንት አንዳንዴ በሁለት ወር ሊመጣ ይችላል፣ ከጠራሽ 15 ቀን ሳይሞላ ተመልሶ ከመጣ በራስሽ አትወስኚ፣ ላኪልኝና ኡስታዟን እጠይቅልሻለሁ። ለአያትሽ እኔ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ። የመጀመሪያውን ቀን ሐሙስ አድርጊው፣ እኔም አብሬሽ እጾማለሁ፣ ሪያድና እናንተ ጋ ሰዓቱ አንድ ስለሆነ ሌሊት ለሱሑር እደውልልሻለሁ፣ ስልኩን ድምፅ ላይ አድርገሽ ተኚ።