«የወደፊት ልጃችሁ» ስለሚለው ፎቶ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሠርግ አልበም ጋር አብረን የምንሠራው አንድ ሥራ አለ። የሙሽራውንና የሙሽሪትን ፊት አዋህደን፣ ከሥሩ «የወደፊት ልጃችሁ» ብለን ጽፈን፣ በፍሬም እንሰጣለን። ብዙዎቻችሁ ወዳችሁታል። ሳሎን የሰቀላችሁትም አላችሁ።

ባለፈው ወር ከመካከላችሁ አንድ አባት ደወለልን። ልጁ ተወልዶ አራት ወር ሆኖታል። «ፎቶው ላይ ያለውን አይመስልም፤ ዘመድ ወሬ ጀምሯል» አለን። ድምፁ ከብዶት ነበር። ያን ፎቶ የሠራነው እኛ ነን። ስንሰጠው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ አልነገርነውም። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ለእሱ የነገርነውን ለሁላችሁም ልንነግር ፈለግን።

መጀመሪያ አሠራሩን እንንገራችሁ። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ፊት ላይ ነጥቦች ያስቀምጣል። በዓይን ጥግ፣ በአፍንጫ ጫፍ፣ በከንፈር ዙሪያ፣ በአገጭ መስመር። ብዙ ጊዜ 68 ነጥቦች ናቸው። ነጥቦቹን በመስመር እያገናኘ ፊቱን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍለዋል። ከዚያ የእናትን ነጥብና የአባትን ነጥብ ወስዶ መሃሉን ይይዛል። ሦስት ማዕዘኖቹን ወደዚያ መሃል ይስባቸዋል። በመጨረሻ ቀለማቸውን ይደምርና ለሁለት ያካፍላል። ይኸው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ዘር የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። የሁለት ፎቶዎች አማካይ ነው።

ልጅ ደግሞ የወላጆቹ አማካይ አይደለም። ፍንጭትን አስቡ። አባት ፍንጭት ነው፣ እናት አይደለችም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ጥርሶች ሲያዋህድ ግማሽ ፍንጭት ይሠራል፤ በጥርሶቹ መሃል ደብዛዛ ጥላ ይቀራል። የእናት ስርጉድም እንደዚሁ ግማሹ ይጠፋል። የምናውቃቸው ልጆች ግን እንዲህ አይደሉም። አንዱ የአባቱን ፍንጭት እንዳለ ይዞት ይመጣል፤ እህቱ ጥርሷ ግጥም ያለ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰው የዘር መረጃ የሚሸከሙ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት። ለልጁ ከእያንዳንዱ ጥንድ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚሰጥ ዕጣ ነው። ይህ ዕጣ ብቻውን ለአንድ ወላጅ ከ8 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ አማራጮች ይሰጣል። የሌላው ወላጅም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰው በፊቱ ላይ የማይታይ ነገር በውስጡ ተሸክሞ ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። «በአያቱ ወጣ» የምንለው ልጅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አያትየው ፎቶው ውስጥ የሉም፤ ኮምፒውተሩ ከየት ያምጣቸው?

ይህን በራሳችን ሰው ሞከርነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን አራት እህትና ወንድማማቾች ናቸው። የወላጆቿን የወጣትነት ፎቶ አምጥታ አዋሃድነው። የወጣው አንድ ፊት ነው። ለአራቱም ያው አንድ ፊት! ታላቅየው ቁርጥ እናቱን ነው። ሁለተኛዋ በአባቷ እናት ወጥታለች፤ ያ ሰፊ ግንባሯ በሁለቱም ወላጆቿ ላይ የለም። ታናናሾቹ ከእነሱም ይለያሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይለያሉ። ምስሉን አጠገባቸው ስናስቀምጠው የቤተሰቡ ሰው ይመስላል፤ ከአራቱ ግን የማናቸውም አይደለም። እናንተም ብትፈልጉ በምታውቁት ቤተሰብ ሞክሩት። ወላጆችን አዋህዱና ካደጉት ልጆች ጋር አስተያዩ።

የመልክ ቀለም ነገር ከዚህም የባሰ ያሳስታል። ወሬው የተነሳውም በዚሁ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ኮምፒውተሩ የሚያየው ቆዳን ሳይሆን ፎቶው ላይ ያለውን ብርሃን ነው። ብርሃኑን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይለካል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። አንዱን ሙሽራ ቀን በረንዳ ላይ አነሳነው፤ ጉንጩ 140 ገደማ መጣ። ያንኑ ሰው ማታ ቤት ውስጥ በአምፖል አነሳነው፤ 90 ሆነ። የሙሽሪት ጉንጭ 150 ነበር። በቀኑ ፎቶ ስናዋህድ «ልጁ» 145፣ በማታው ስናዋህድ 120 ሆነ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም! ወላጆቹ ያው ናቸው። የተለየው አምፖሉ ነው። ስልኩ ፊትን የሚያስውብ ፊልተር ካለው ደግሞ ቁጥሩ እንደገና ይቀየራል። በክንድ ርቀት የተነሳ ሴልፊም አፍንጫን ከእውነቱ አስፍቶ ያሳያል፤ ያ ስፋት ወደ «ልጁ» ይተላለፋል። በዚያ ላይ አራስ ልጅ ሲወለድ ፈካ ብሎ ከወራት በኋላ ቢጠይም የተለመደ ነው። ገና በዕድገት ላይ ያለን ልጅ ከአዋቂ ሰዎች ፎቶ አማካይ ጋር ማስተያየት ትርጉም የለውም።

ታዲያ ምስሉ ለምን እንዲህ ያምራል? ስለ ልጃችሁ ስለሚያውቅ አይደለም። አማካይ ሲወሰድ ጠባሳው ይደበዝዛል፣ ማዲያቱ ይሳሳል፣ የተዛነፈው ይስተካከላል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1870ዎቹ የእስረኞችን ፎቶ በአንድ ሰሌዳ ላይ ደራርቦ ያነሳ ነበር። የወንጀለኛን መልክ አገኛለሁ ብሎ ነው። ያገኘው ግን ከእያንዳንዱ እስረኛ የሚያምር ፊት ነበር።

የሕፃን ፊት የሚያወጡት የስልክ አፖች ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። አዋቂ ፊትን ሕፃን ለማስመሰል ዓይኑን ማተለቅ፣ አገጩን ማሳጠር፣ ጉንጩን መሙላት ያስፈልጋል። ይህ ከአባትም ከእናትም የመጣ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው የሚጨመር ቅርጽ ነው። የሁለት የማይዛመዱ ጥንዶችን «ሕፃናት» ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ወንድማማች የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ስለ አባትነት ግን በግልጽ እንናገር። ይህ ፎቶ የማንንም አባትነት አያረጋግጥም፤ አያፈርስምም። ልጁ ቢመስለውም ባይመስለውም ምንም ማስረጃ አይደለም። እውነት ጥያቄ ያለው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ዲኤንኤ ምርመራ ነው። ለደወለልን አባት ያልነውም ይህንኑ ነው። የማታ ፎቶውንና የቀን ፎቶውን ለየብቻ ከሙሽሪት ፎቶ ጋር አዋህደን ሁለቱን «ልጆች» ላክንለት። ሚስቱንና እናቱን ጠርቶ አብረው አዩት።

ከእንግዲህ «የወደፊት ልጃችሁ» የሚለውን ጽሑፍ አንጠቀምም። ሥራውን የምትፈልጉ ከሆነ እንሠራለን፤ ከሥሩ ግን «የሁለታችሁ ፊት ውህድ» ተብሎ ይጻፋል። የሕፃን ቅርጽ የሚጨምረውን ክፍል ትተነዋል። ከዚህ በፊት የወሰዳችሁ ፍሬማችሁን አምጡልን፤ ጽሑፉን ያለ ክፍያ እንቀይራለን። በእሱ ፈንታ የልጅነት ፎቶአችሁን ማሠራት ከፈለጋችሁም ደስ ይለናል። የሁለታችሁን፣ ከተገኘም የአያቶችን፣ ሳናዋህድ ጎን ለጎን በአንድ ፍሬም እናደርገዋለን። ልጁ ሲወለድ የሚገባበት ባዶ ቦታ በመሃል እንተዋለን። የቆየ ፎቶ ከሆነ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን አምጡት፤ እዚሁ ስካን አድርገን ወዲያው እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ቤታችሁ ሠራተኞች